ሰላም ሳይሉ ማስታወቂያ፦ ከአንድ የሒሳብ ሠራተኞች ግሩፕ የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

ግሩፑ የሒሳብ ሠራተኞች የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ከሺህ በላይ አባል አለው። አብዛኛው አዲስ አበባ ነው ያለው፣ ጥቂቱ ሐዋሳና ባሕር ዳር። እኔ ከሦስቱ አድሚኖች አንዱ ነኝ። ጥቅምት ላይ አንድ አዲስ ገቢ ማታ የለጠፈው ማስታወቂያ ምን እንዳስከተለ፣ ልጁም በኋላ እንዴት እንደተመለሰ ልንገራችሁ። ስሙን ትቼዋለሁ፣ የግሩፑንም እንዲሁ።

ጥቅምትን ያነሳሁት በምክንያት ነው። የበጀት ዓመታቸው ሰኔ 30 የሚዘጋ የ«ሀ» ምድብ ግብር ከፋዮች ዓመታዊ ግብራቸውን አሳውቀው የሚጨርሱት እስከ ጥቅምት 30 ነው። ስለዚህ በዚያ ወር የመጨረሻ ሳምንታት ግሩፑ እስከ እኩለ ሌሊት አይተኛም። ጥያቄው ይጎርፋል፣ የሚጠይቀውም ሰው ጭንቀት ላይ ነው። በዚያች ማታ አንዲት ሥራ ከጀመረች ብዙም ያልቆየች ልጅ «የሠራተኛው መሠረታዊ ደሞዝ 10 ሺህ ብር ነው፣ 2 ሺህ ደግሞ የትራንስፖርት አበል ያገኛል። ጡረታ የምቆርጠው ከ10 ሺው ነው ወይስ ከ12ቱ?» ብላ ጠየቀች። አንድ አንጋፋ ኦዲተር፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ መልስ መጻፍ ጀምረው ነበር።

ልጁ የገባው በዚህ መሃል ነው። በግሩፑ ሊንክ ገባ፣ ገብቶም ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ለጠፈ። መጀመሪያ የስልኩን ስክሪን ግማሽ የሚሞላ ቀይና ቢጫ ፖስተር መጣ። ከሥሩ እንዲህ የሚል ጽሑፍ፦

«እንዳያመልጥዎ! ፒችትሪን ከዜሮ እስከ አድቫንስ! በአጭር ጊዜ! በታላቅ ቅናሽ! ቦታው ሳይሞላ አሁኑኑ ይመዝገቡ! የትንሽ ነጋዴዎች ሒሳብም እንሠራለን! ኢንቦክስ ያድርጉልን!»

ፒችትሪ የሒሳብ መያዣ ሶፍትዌር ነው። ከዚያ ያው ፖስተር በሌላ ቀለም፣ ከዚያ ከራሱ ቻናል ፎርዋርድ ያደረገው የሠልጣኞች ፎቶ። ሦስት ፖስት በተከታታይ። ፕሮፋሉ ላይ የሰው ስም የለም፣ የማሠልጠኛው ስምና ሎጎ ነው ያለው። የልጅቷ ጥያቄ ሽቅብ ሸሽቶ ጠፋ። ጋሼም መልሳቸውን ሳይጨርሱ «ይሄ ደግሞ ማነው?» ብለው ጻፉ። ከዚያ በኋላ ሌላው ሁሉ ተከተለ። አንዱ ቀለደ፣ አንዱ ተቆጣ፣ አንዱ «አድሚን የለም እንዴ?» አለ። ግማሽ ሰዓት ያህል ስለ ጡረታ ያወራ ሰው አልነበረም።

እውነቱን ለመናገር፣ ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ጉዳይ ብዬ አልጽፈውም ነበር። ፖስት ይጠፋል፣ ሰውም ይረሳል። ነገሩን ያከበደው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ልጁ በግሩፑ ውስጥ የሚጽፍለት ሰው ሲያጣ የአባላትን ዝርዝር ከፈተና ኦንላይን ያሉትን እየመረጠ ያንኑ ማስታወቂያ በየኢንቦክሱ መላክ ጀመረ። ከእኩለ ሌሊት በፊት አባላት የመልእክቱን ፎቶ እያነሱ ይልኩልኝ ጀመር። ፊደል ሳይቀየር አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነው። አንዷ «እኔ ቁጥሬን ለማንም አልሰጠሁም፣ ከየት አገኘኝ?» አለችኝ። ቁጥሯን አላገኘም። ቴሌግራም ላይ አንድ ግሩፕ ውስጥ ከሆናችሁ ስልክ ቁጥር ሳያስፈልግ መጻፍ ይቻላል፣ ያንን ካልከለከላችሁ በስተቀር። ግን እሷ የተሰማት ነገር ልክ ነው። ሰው የሙያ ግሩፕ የሚገባው ስለ ሥራው ሊያወራ ነው፣ ለማያውቀው ሻጭ በሩን ሊከፍት አይደለም።

አዲስ ገቢዎች ብዙ ጊዜ የማይገባቸው ይሄ ይመስለኛል። በአደባባይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ያናድዳል፣ ግን ሁሉም ያየዋል፣ አድሚንም ያጠፋዋል። ኢንቦክስ የሚገባው ግን አንድን ሰው ለብቻው ያገኘዋል፤ ያንን ሰው ያገኛችሁትም በግሩፑ በኩል ነው። ስለዚህ ሰውየው እናንተ ላይ ብቻ ሳይሆን ግሩፑ ላይም ይቀየማል። በዚያ ሌሊት ሁለት ሴቶች ምንም ሳይሉ ወጡ። ለማስታወቂያው ሲባል የወጣ ሰው አልነበረም፣ እነሱ የወጡት ኢንቦክስ ከደረሳቸው በኋላ ነው።

ሌላም ነገር ሆነ። ኢንቦክስ የደረሳቸው ሰዎች ብሎክ ሲያደርጉት «ስፓም» ብለውም ሪፖርት አደረጉት። በማግሥቱ ጠዋት ልጁ አካውንቱ ተገድቦ አገኘው። እንዲህ ሲሆን ቁጥራችሁን በስልካቸው ላልያዙ ሰዎች ቀድማችሁ መጻፍ አትችሉም። ቀድመው ለጻፉላችሁ ግን መመለስ ትችላላችሁ። አካውንታችሁ ተገድቦ እንደሆነ ማየት ከፈለጋችሁ ቴሌግራም ላይ @SpamBot ብላችሁ ፈልጉና ጻፉለት፣ እሱ ይነግራችኋል። የመጀመሪያው ገደብ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፍ ነው፣ ከተደጋገመ ግን ጊዜው እየረዘመ ይሄዳል። ልጁን የጎዳውም ይኸው ነው። ከእኛ ግሩፕ ጋር ምንም ንክኪ የሌላቸው፣ ሌላ ቦታ ያገኛቸው ደንበኞች ነበሩ፤ ለእነሱም ቀድሞ መጻፍ አልቻለም። ደንበኛ ፍለጋ ወጥቶ በእጁ የነበሩትንም ማግኘት አቃተው።

አድሚኖቹ ምን እናድርግ ብለን ተነጋገርን። አንዱ «ባን አድርገን እንገላገል» አለ። እኔና ሌላዋ አልተስማማንም። ፖስቶቹን አጠፋንና ለአንድ ሳምንት እንዳይጽፍ ገደብነው፣ ማንበብ ግን ይችላል። ቴሌግራም ይህን ይፈቅዳል፤ ሰውን ሳታስወጡ እስከ ፈለጋችሁት ጊዜ እንዳይጽፍ ማድረግ ትችላላችሁ። ለምን ይህን መረጥን? ባን የተደረገ ሰው በሌላ አካውንት ይመለሳል። ለሳምንት እያነበበ የቆየ ሰው ግን ሌሎቹ እንዴት እንደሚነጋገሩ ያያል። ለእሱም እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦

«ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ፖስቶችዎን አንስተናቸዋል፣ ለአንድ ሳምንትም ግሩፑ ላይ መጻፍ አይችሉም። ፒን የተደረገውን ደንብ ቢያነቡልን። ለአባላት በኢንቦክስ ማስታወቂያ መላክ ግን ከደገሙት እናስወጣዎታለን። ጥያቄ ካለዎት እዚህ ይጻፉልኝ።»

«እርስዎ» ያልኩት አውቄ ነው። ዕድሜውን አላውቅም፣ ፕሮፋሉም ሎጎ ነው። ተቆጥተን «አንተ» ብለን ብንጀምር ኖሮ ንግግሩ ወዲያው ጠብ ይሆን ነበር። ለአዲስ ገቢም ቢሆን የምመክረው ይህንኑ ነው። የምታነጋግሩት ሰው አለቃችሁ ሊሆን ይችላል፣ የአለቃችሁ አለቃም ሊሆን ይችላል፣ እስክታውቁት ድረስ «እርስዎ» ማንንም አያስቀይምም።

የመለሰው መልስ አስገረመኝ፣ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነበር። «አድሚን ይቅርታ፣ ግን እኮ ያለሁባቸው ግሩፖች ሁሉ እንዲህ ነው የሚደረገው፣ ሁሉም ይለጥፋል፣ ማንም ምንም አይልም» አለኝ። እውነት ነው። ከአስር ግሩፕ ሰባት ስምንቱ፣ ቁጥሩን በግምት ነው የምለው፣ የሥልጠና፣ የቤት ሽያጭና የቪዛ ማስታወቂያ የሚፈራረቅበት ሜዳ ነው። ማንም ምንም የማይለው ግን የሚያነብ ሰው ስለሌለ ነው። ሁሉም ይለጥፋል፣ ሁሉም ሚዩት አድርጎታል። እሱ የተማረው እዚያ ነው። እኛ ጋ ሲመጣ ሰው የሚያነብበት ቦታ ላይ ማንም የማያነብበትን ቦታ ልማድ ይዞ መጣ። ልዩነቱን ከመጻፋችሁ በፊት ማወቅ ይቻላል፤ ያለፉትን ሁለት ሦስት ቀን መልእክቶች ወደ ላይ ሂዱና እዩ። ጥያቄ የሚጠየቅና መልስ የሚሰጥ ከሆነ፣ ሰዎችም በስም ከተጠራሩ፣ ግሩፑ ሕያው ነው፣ ሥርዓትም አለው። ፖስተር ብቻ ከሆነ እዚያ የምትለጥፉትም አይነበብም።

ከዚያ «ታዲያ ምን ላድርግ? ሥራዬን ማንም ካላወቀው እንዴት ልኑር?» አለኝ። ደህና ጥያቄ ነው። በቀላሉ የጀመርነው ከፕሮፋሉ ነው። የማሠልጠኛውን ስምና ሎጎ አንስቶ የራሱን ስምና ፎቶ አደረገ። ሎጎ ያለው አካውንት «ሰላም» ቢልም ማስታወቂያ ነው የሚመስለው። የሚሠራውን ሥራ ባዮው ላይ እንዲጽፍ ነገርኩት። ለተራ አካውንት ባዮ 70 ፊደል ገደማ ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ ማሳጠር ግድ ነው። «የሒሳብ ሠራተኛ፣ ፒችትሪ አሠልጣኝ፣ አዲስ አበባ» ብሎ ጻፈ፣ በቃው። ማስታወቂያው ከግሩፑ ወጥቶ ወደ ባዮ ገባ ማለት ነው። ማንም የጻፈውን አንብቦ «ይሄ ልጅ ማነው?» ካለ ስሙን ይነካል፣ ሁሉንም እዚያ ያገኛል። ማንም ካልነካው ደግሞ ማንም አልተረበሸም።

ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል ራሱን የሚያስተዋውቅበትን ጽሑፍ ላከልኝ። የመጀመሪያው ረቂቅ የሥራ ማመልከቻ ነበር። «ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ዕድል ስለሰጣችሁኝ የላቀ ምስጋናዬን...» ብሎ ይጀምራል፣ ከዚያ የተማረበት ትምህርት ቤት፣ የተመረቀበት ዓመት፣ ውጤቱ፣ የወሰዳቸው ሰርተፍኬቶች በሙሉ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ለማንኛውም አገልግሎት ያነጋግሩኝ»። ስልክ ላይ ሦስት ጊዜ ወደ ታች መሄድ ይጠይቃል። ማስታወቂያው አልጠፋም፣ ሱፍ ለብሶ መጣ እንጂ።

ቆራረጥነው። የግሩፑ ሰው ስለ አዲስ ገቢ ማወቅ የሚፈልገው ትንሽ ነገር ነው። ማን ነህ፣ አሁን ምን ትሠራለህ፣ በምን ልትጠየቅ ትችላለህ፣ ምን ፈልገህ መጣህ። ውጤትህን ማንም አይጠይቅም። የመጨረሻው ይህን ይመስል ነበር፣ ስሙን ብቻ አውጥቼ፦

«ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት ማስታወቂያ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ የረበሽኳችሁንና በኢንቦክስ ያስቸገርኳችሁን ይቅርታ እጠይቃለሁ። የሦስት ትንንሽ ሱቆችን ወርሃዊ ሒሳብ እይዛለሁ፣ ፒችትሪም አስተምራለሁ። ፒችትሪ ላይ ችግር የገጠመው ካለ የማውቀውን እመልሳለሁ። እኔ ደግሞ ስለ ደሞዝና ጡረታ ስሌት ከእናንተ ለመማር ነው የመጣሁት።»

አምስት ዓረፍተ ነገር፣ ስልክ አልባ፣ ሊንክ አልባ። «ፒችትሪም አስተምራለሁ» የሚለውን አላወጣነውም፣ ሰው የሚተዳደርበትን ሥራ መደበቅ የለበትም። አንዴ በመረጃ መልክ ብሎት አለፈ፣ ኑ ግዙኝ አላለም። ይቅርታውን ከላይ ያስቀመጠው እሱ ራሱ ነው። እኔ እንኳ ታች ይሁን ብዬው ነበር፣ እሱ ልክ ነበር፣ ምክንያቱም ስሙ አዲስ ቢሆንም ሰው አውቆታል።

ሰዓቱንም መረጠ። ማታ ጥያቄ በሚበዛበት ሰዓት ሳይሆን ጠዋት ሰው ሻይ በሚጠጣበት ሰዓት ለቀቀው። ሰዎች «እንኳን ደህና መጣህ» ሲሉት ለእያንዳንዱ «አመሰግናለሁ» ብሎ ሊጽፍ ሲል በሪአክሽን ብቻ እንዲመልስ ነገርኩት። ሃያ «አመሰግናለሁ» ለሺህ ሰው ስልክ ሃያ ኖቲፊኬሽን ነው። ጋሼ ልብ ላኩለት። ከጋሼ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ እሳቸው ሪአክሽን አይወዱም።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ስለ እሱ ምንም አልሰማሁም። አንድ ቀን አንድ አባል «ፒችትሪ አዲስ የበጀት ዓመት አልከፍትም አለኝ፣ ምን ላድርግ?» ብሎ ጠየቀ። ልጁ መለሰ። ፒችትሪ በአንድ ጊዜ ሁለት የበጀት ዓመት ብቻ ነው ክፍት የሚይዘው፣ ሦስተኛውን ለመጀመር የመጀመሪያውን መዝጋት ያስፈልጋል አለው። አንዴ ከተዘጋ ወደ ኋላ መመለስ ስለማይቻል መጀመሪያ ባክአፕ ያዝ፣ ባክአፑንም ከኮምፒውተሩ ውጭ አስቀምጥ፣ ወደ መዝገብ ያልገባ ሒሳብ እንዳልቀረም እይ አለው። ሰውየው ሞክሮ ሠራለት። ሌላ አባል ያን መልስ አይቶ እዚያው ግሩፑ ላይ «ወንድሜ፣ የእኛ ቢሮ የሁለት ዓመት ሒሳብ ወደ ኋላ ቀርቶብናል፣ ትሠራለህ?» አለው። ልጁ የመለሰው «በክፍያ እሠራለሁ፣ ፈቃድዎ ከሆነ ዋጋውን በኢንቦክስ እንነጋገር» ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር አደረገ። ክፍያ እንዳለው በግልጽ ተናገረ፣ ፈቃድ ጠየቀ፣ ዋጋውን ደግሞ ከግሩፑ አወጣው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የመጀመሪያው ላይ ነው። «እረዳሃለሁ፣ ኢንቦክስ ና» ይልና እዚያ ዋጋ ይጠራል። ሰውየው በነጻ መስሎት ሄዶ ነው፣ ተታለልኩ ይላል። ሌሎች ደግሞ ግማሽ መልስ ሰጥተው «ቀሪውን ኢንቦክስ» ይላሉ። ይህም መልስ መሆኑ ቀርቶ ወጥመድ ይሆናል። ልጁ ግን የፒችትሪውን መልስ ሙሉውን እዚያው ጻፈ፤ ሥራው የመጣው መልሱን ሙሉ በሙሉ ስለሰጠ ነው።

ከዚህ በኋላ የእኛን ደንብ አየነው። «ማስታወቂያ ክልክል ነው» ብቻ ይል ነበር። አንዷ አባል «የሥራ ቅጥር ማስታወቂያስ?» ብላ ስትጠይቅ ሦስታችን ሦስት መልስ ሰጠን። እናም ለየነው። የቅጥር ማስታወቂያ በማንኛውም ቀን ይፈቀዳል፣ ግን የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ ቦታውና የማመልከቻው መጨረሻ ቀን ይጻፍ። አገልግሎትና ሥልጠና ቅዳሜ ብቻ፣ ራሱን ያስተዋወቀ አባል ብቻ፣ በሳምንት አንድ፣ ዋጋው ተጽፎ፣ ያለ ፖስተር። ኢንቦክስ ሳይጠየቁ መላክ ምንም ማስጠንቀቂያ የለውም፣ ያስወጣል። የአባላት ዝርዝርንም ደበቅነው። ከመቶ በላይ አባል ያለው ግሩፕ ላይ ይህ ይቻላል። ሙሉ መፍትሔ አይደለም፤ የሚጽፈውን ሰው ስም ማንም ሊነካ ይችላል፣ ዝም ያለው ግን አይታይም።

ደንቡ ያላቆመው አንድ ነገር አለ። ትንሽ ቆይቶ አንድ አዲስ ገቢ ደህና አድርጎ ራሱን አስተዋወቀና በማግሥቱ «ጥሩ የአይ ኤፍ አር ኤስ አሠልጣኝ የሚያውቅ አለ?» ብሎ ጠየቀ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ሌላ አዲስ ገቢ «እኔ እገሌ ጋ ተምሬ ሕይወቴ ተቀየረ» ብሎ ከነሊንኩ መለሰ። ተያይዘው በአንድ ምሽት ነበር የገቡት፣ ከዚያ በፊት አንዳቸውም ስለ ሥራ አንድ ቃል አልጻፉም፣ መልሱም ከጥያቄው ቀድሞ የተዘጋጀ ነበር። ሌላዋ አድሚን «ምናልባት እውነት ጠይቆ ይሆናል» አለች። ሊንኩን አንስተን ሁለቱንም በኢንቦክስ ጠየቅናቸው። አንዱ ወዲያው ወጣ፣ ሌላኛው አሠልጣኙ ወንድሜ ነው አለ። «ወንድሜ ነው» ብሎ ግሩፑ ላይ ቢጽፈውና ቅዳሜ ቢለጥፈው ማንም ባልከለከለው ነበር። ይህንኑ ነገርነው፣ እስካሁን ግን አልለጠፈም።